ምዕራፍ ሰባት፦ ሽንኩርቱ ምን አጎደለ?

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በራያ ሜዳ የተዘረጋች ከተማ ናት። የአካባቢው ጤፍና ማሽላ ዝናቡንና ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ይጠብቃል። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ደግሞ በብዛት የሚለማው ከጉድጓድ በሚሳብ የመስኖ ውሃ ነው። እህሉን ከገበሬው፣ ሽንኩርቱንም ከማሳው ገዝተው በጅምላ የሚሸጡ አንዲት ነጋዴ ሁለት ደብተር ይዘው መጡ። አንደኛው የ2016፣ ሁለተኛው የ2017 በጀት ዓመት ነው፤ ሁለቱም ሐምሌ 1 ተከፍተው ሰኔ 30 ተዘግተዋል። ሴትየዋ እንዳይታወቁ ቁጥሮቹን ለውጫለሁ፣ ለሒሳቡ እንዲመቹም አጠጋግቻለሁ።

የ2016 ሽያጭ 5,750,000 ብር፣ የ2017 ሽያጭ 6,480,000 ብር ነበር። 730,000 ብር ጭማሪ፣ 13 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ነጋዴዋ ግን አልተደሰቱም።

«ሽንኩርቱ ነው ያጎደለኝ፤ ከእንግዲህ እተወዋለሁ» አሉ።

ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኔ በፊት አንድ ሰው ሒሳባቸውን በግራፍ ሠርቶላቸው ነበርና እሱን አይተው ነው። ግራፉ ዛሬ ሁሉም መሥሪያ ቤት «ዋተርፎል ቻርት» የሚለው ነው። በግራ ያምናውን ጠቅላላ ሽያጭ የሚያሳይ ዓምድ ይቆማል፣ በቀኝ የዘንድሮው። በመሃላቸው አነስ ያሉ ዓምዶች በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ የጨመረው ወደ ላይ፣ የቀነሰው ወደ ታች፣ እያንዳንዱም የፊተኛው ካቆመበት ይነሣል። በአማርኛ የፏፏቴ ግራፍ የሚሉትም አሉ። እኔ ስሙን ብዙም አልወደውም፤ ጢስ ዓባይን ያየ ሰው እንደሚያውቀው ፏፏቴ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም። ደረጃ ቢባል ይሻል ነበር። ነገር ግን ስሙ ስለተለመደ እንቀጥል።

የነጋዴዋ ግራፍ የተሠራው በምርት ዓይነት ነበር። ጤፍ 340,000 ጨመረ፣ ማሽላ 480,000 ጨመረ፣ ሽንኩርት 200,000 ቀነሰ፣ የተዉት ቲማቲም 250,000 ቀነሰ፣ አዲስ የጀመሩት ማሾ 360,000 ጨመረ። ሲደመር 730,000 ይሆናል። ስሌቱ ላይ አንድም ስሕተት የለም። ግራፉ ግን ሁለት ነገር ያሳስታል፤ ጤፍ እንደተስፋፋ፣ ሽንኩርት ደግሞ እንደተዳከመ ያስመስላል። የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ደብተሩ ተጣርቶ ሲታይ እንዲህ ይላል። ዋጋው በኩንታል ነው፤ የዓመቱ ሽያጭ በብር ለተሸጠው ኩንታል ተካፍሎ የተገኘ አማካይ ዋጋ።

| ዓይነት | 2016 ኩንታል | 2016 ዋጋ | 2017 ኩንታል | 2017 ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| ጤፍ | 200 | 10,000 | 180 | 13,000 |
| ማሽላ | 300 | 5,000 | 330 | 6,000 |
| ሽንኩርት | 500 | 4,000 | 600 | 3,000 |
| ቲማቲም | 100 | 2,500 | – | – |
| ማሾ | – | – | 40 | 9,000 |

ጤፍ በኩንታል ቀንሷል፤ ሽንኩርት በኩንታል ጨምሯል። እያንዳንዱ የምርት ዓምድ ሁለት ነገር አንድ ላይ ቋጥሮ ይዟል፦ ስንት ኩንታል እንደተሸጠና አንዱ ኩንታል በስንት እንደሄደ። ቋጠሮው ካልተፈታ ዋተርፎሉ ለውጡን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አያሳይም። ስለዚህ የዚህ ግራፍ ዋና ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ አይደለም፣ ከዚያ በፊት ወረቀት ላይ ነው።

አፈታቱ ቀላል ነው። የመጠን ለውጥ ስንል፣ የኩንታሉን ልዩነት ባምናው ዋጋ እናባዛለን። የዋጋ ለውጥ ስንል ደግሞ፣ የዋጋውን ልዩነት በዘንድሮው ኩንታል እናባዛለን። ጤፍን እንውሰድ። 20 ኩንታል ቀንሷል፤ ባምናው 10,000 ብር ሲባዛ 200,000 ብር ጉድለት ነው። ዋጋው በ3,000 ብር ጨምሯል፤ በዘንድሮው 180 ኩንታል ሲባዛ 540,000 ብር ጭማሪ ነው። 540,000 ሲቀነስ 200,000፣ ያው 340,000። ማሽላ በመጠን 150,000፣ በዋጋ 330,000 ጨመረ። ሽንኩርት በመጠን 400,000 ጨመረ፤ በዋጋ ግን 600,000 አጣ።

እዚህ ላይ ጠያቂ አንባቢ ያስቆመኛል፦ መጠኑን ባምናው ዋጋ፣ ዋጋውን ግን በዘንድሮው መጠን ለምን? ለምን አልተገለበጠም? ቢገለበጥም ይሠራል። ሽንኩርቱን ገልብጠን ብናሰላው መጠኑ 300,000 ጨምሮ ዋጋው 500,000 ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ያው 200,000 ጉድለት ነው። በሁለቱ ስሌቶች መሃል የምትዋልለው 100,000 ብር፣ አዲሶቹ 100 ኩንታሎች በ1,000 ብር ረክሰው በመሸጣቸው የመጣች ናት። መጠኑ ባይጨምር አትኖርም፣ ዋጋው ባይወርድም አትኖርም፤ የሁለቱም ልጅ ናት። ለማን እንደምትሰጥ ሕግ የለም። አብዛኛው የሒሳብ ሰው ለዋጋው ይሰጣታል፣ እኔም እንዲሁ። የማይፈቀደው በየዓመቱ መቀያየር ነው፤ አንድ ዓመት ለዋጋ፣ በሚቀጥለው ለመጠን የሰጠ ሰው ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይችልም። የመረጡትን ከግራፉ ሥር በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል።

አሁን ዓምዶቹን እንምረጥ። የተሰላውን ሁሉ ብናቆመው ስምንት ለውጥና ሁለት ጠቅላላ፣ አሥር ዓምድ ይሆናል፤ ዓይን ይደክማል። የማሽላና የሽንኩርት መጠን ሁለቱም ስለጨመሩ በአንድ ዓምድ ይሰብሰቡ፣ 550,000። የጤፍና የማሽላ ዋጋ ሁለቱም ስለተወደዱ «የእህል ዋጋ» በሚል በአንድ፣ 870,000። የጤፍን መጠን ግን ከሌሎቹ መጠኖች ጋር አልደባለቅሁም። ብደባልቀው ኖሮ 350,000 የሚል አንድ የሚያምር ዓምድ አገኝ ነበር፤ የጤፉ ጉድለትም በሽንኩርቱ ጭማሪ ውስጥ ተሰውሮ ይቀር ነበር። አንድ ላይ የሚሰበሰቡት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱና ምክንያታቸው የሚቀራረብ ብቻ ናቸው።

ተራቸውም ዝም ብሎ አይደለም። መጀመሪያ የተተወውን፣ ቀጥሎ የመጠኑን፣ ቀጥሎ የዋጋውን፣ መጨረሻ ላይ አዲሱን አድርጌያለሁ። ነጋዴዋ የሚወስኑት (ምን ልተው፣ ስንት ልግዛ) በአንድ ወገን፣ ገበያው የሚወስነው በአንድ ወገን እንዲሆን ብዬ ነው፤ አዲሱ ብቻ ካምና የሚነጻጸር ስለሌለው መጨረሻ ላይ ቀረ። በሺህ ብር ስንጽፈው ከ5,750 ተነሥተን በቲማቲም ወደ 5,500 እንወርዳለን፣ በጤፍ መጠን ወደ 5,300። በማሽላና ሽንኩርት መጠን ወደ 5,850 እንወጣለን፣ በእህል ዋጋ ወደ 6,720። የሽንኩርት ዋጋ ወደ 6,120 ያወርደናል፤ ማሾ 6,480 ላይ ያደርሰናል።

ኤክሴል ከ2016 እትሙ ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ይህን ግራፍ ራሱ ይሠራል። በአንድ ረድፍ ስሞቹን፣ በሚቀጥለው ቁጥሮቹን ከነመቀነሻቸው ጽፎ `Insert` ውስጥ `Waterfall` መምረጥ ነው። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን 6,480 ጠቅላላ መሆኑን ስለማያውቅ እንደ ሌላ ጭማሪ ቆጥሮ ከላይ ይቆልለዋል፤ ዓምዱም 12,960 ድረስ ይወጣል። የመጨረሻው ዓምድ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ይህ ስሕተት ነው። ዓምዱን ብቻውን መርጦ `Set as total` ማለት ያወርደዋል።

የቆየ ኤክሴል ያለው ሰው በተራ ተደራራቢ ዓምድ ያደርገዋል፤ ለመማርም ይህ ይሻላል፣ የግራፉ አሠራር ፍንትው ብሎ ይታያልና። የሚንሳፈፈው ዓምድ በእውነት አይንሳፈፍም፤ ከሥሩ የማይታይ ዓምድ ተሸክሞት ነው። በ`B` ለውጦቹ፣ በ`C` እየተጠራቀመ የሚሄደው ድምር፣ በ`D` የማይታየው ተሸካሚ፣ በ`E` ጭማሪው፣ በ`F` ቅናሹ ይገባል። 2ኛው መስመር የ2016 ጠቅላላ ነው፣ ከ3 እስከ 8 ስድስቱ ለውጦች፣ 9ኛው የ2017።

```
C2: =B2
C3: =C2+B3
D3: =MIN(C2,C3)
E3: =MAX(B3,0)
F3: =MAX(-B3,0)
```

የ3ኛውን መስመር ቀመሮች እስከ 8 ወደ ታች መጎተት፣ ሁለቱን ጠቅላላዎች በ`G` ለብቻቸው ማስቀመጥ፣ ከ`D` እስከ `G` ያለውን በተደራራቢ ዓምድ ማውጣት፣ ከዚያ የ`D`ን ዓምዶች መርጦ `No Fill` ማድረግ ነው። ይህ መንገድ ድምሩ ከዜሮ በታች እስካልወረደ ድረስ ይሠራል። ለሽያጭ ይህ አያሰጋም፤ ለትርፍና ኪሳራ ግን ድምሩ ከዜሮ በታች ሲገባ ዓምዶቹ ቦታቸውን ይስታሉ።

`B9` ላይ የሚገባውን 6,480 ከ`C8` መገልበጥ ይቀናል፣ ድካም ስለሌለው። አይገልበጥ። ከደብተሩ መጨረሻ ገጽ ታይቶ በእጅ ይጻፍ፤ ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ

```
=B9-C8
```

ተብሎ ዜሮ መምጣቱ ይታይ። ዜሮ ካልመጣ አንድ ለውጥ ተረስቷል ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሌሎች» የሚል ዓምድ ተክሎ ልዩነቱን ያጣፋል። «ሌሎች» ከሚታዩት ዓምዶች አንዱን የሚያህል ከሆነ ግራፉ ገና አላለቀም ማለት ነው።

ዜሮ መምጣቱ ግን የማይዘው ስሕተት አለ፤ እኔንም ያሞኘኝ እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሠራሁት ግራፍ በትክክል ዜሮ ሰጥቶኝ ነበር። በዚያ ግራፍ የጤፍ መጠን ምንም ለውጥ አልነበረውም፤ አምናም 200፣ ዘንድሮም 200። ነጋዴዋ አዩትና «አይ ልጄ፣ ዘንድሮስ ጤፍ አንሶኝ ነበር» አሉ። ደብተሩ 200 ይላል። ወደ መጋዘኑ ስንገባ ነው የገባኝ፤ የ2017ቱን ደብተር የያዘው ልጅ የጻፈው በማዳበሪያ ነበር። ማዳበሪያ የምንለው ከረጢቱን ነው፤ አንዱ ሲመዘን 90 ኪሎ ይዟል። ሁለት መቶ ማዳበሪያ 180 ኩንታል ነው።

ሒሳቡ ለምን አልጮኸም? ሽያጩ በብር ትክክል ስለተመዘገበ ነው። መጠኑ ሲበዛ አማካይ ዋጋው በዚያው ልክ ያንሳል፤ አንዱ ዓምድ ያጠፋውን ሌላው ይመልሰዋል፣ ድምሩም አይነቃነቅም። ይህን የሚይዘው ገበያውን ማወቅ ብቻ ነው። በተሳሳተው ግራፍ የጤፍ አማካይ ዋጋ 11,700 ብር ወጥቶ ነበር። ነጋዴዋን በዓመቱ ውስጥ ከ12,000 በታች የሸጡበት ቀን እንዳለ ብጠይቃቸው ኖሮ «አንድም ቀን የለም» ይሉኝ ነበር፤ በኋላ ጠየቅኋቸው፣ እንደዚያው አሉ። አማካይ ከትንሹ በታች ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አሁን ማንኛውንም ዓምድ ከማቆሜ በፊት የእያንዳንዱን ምርት አማካይ ዋጋ ጮክ ብዬ ለባለቤቱ አነብባለሁ።

ስለ አሣሣሉ ሁለት ነገር ብቻ። የመጀመሪያው የቁመቱ መለኪያ ነው። ጠቅላላዎቹ ረጃጅም፣ ለውጦቹ አጫጭር ስለሚሆኑ መለኪያውን ከ5,000 ማስጀመር ያጓጓል። ያኔ የ2016 ዓምድ 750፣ የ2017 ደግሞ 1,480 ያህል ቁመት ይኖረዋል፤ ሽያጩ 13 በመቶ ሳይሆን እጥፍ ያደገ ይመስላል። ከዜሮ ይጀመር፤ ወይም የግድ ከተቆረጠ ሁለቱ ጠቅላላ ዓምዶች ላይ መቆረጡ በግልጽ ይታይ። ሁለተኛው ቀለም ነው። አረንጓዴና ቀይ ስክሪን ላይ ያምራል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ሲወጣ ግን ሁለቱም ግራጫ ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ቁጥሩ ላይ ካለ ቀለሙ ቢጠፋም ችግር የለም።

ግራፉን ለነጋዴዋ ሳቀርብ መጀመሪያ ያዩት ትልቁን ዓምድ ነው፦ የእህል ዋጋ፣ 870,000 ጭማሪ። ይህ ዓምድ ብቻውን ከጠቅላላው 730,000 ጭማሪ ይበልጣል። የ2017 በጀት ዓመት በተጀመረ በአራተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው፤ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ። የጤፍ ዋጋ መናር ከዚህ ምን ያህሉን እንደወሰደ ከአንድ ደብተር አይታወቅም። የሚታወቀው ግን ይህ ዓምድ ባይኖር የነጋዴዋ ሽያጭ ካምናው በ140,000 ብር ያንስ እንደነበር ነው። ጭማሪው የንግዱ ሳይሆን የብሩ ሊሆን እንደሚችል በቃል ነገርኳቸው፤ ዓምዱ ላይም «ዋጋ» እንጂ «ዕድገት» ብዬ አልጻፍኩም።

ከዚያ ጣታቸው ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። በምርት ዓይነት የተሠራው ግራፍ 200,000 ጉድለት ያለው ሽንኩርት አሁን ለሁለት ተከፍሎ፣ መጠኑ 400,000 ጨምሮ፣ ዋጋው 600,000 ወርዶ ቆሟል።

«እንግዲህ ዋጋው ነው የገደለኝ። ዋጋውን እኔ አላወጣው፤ እተወዋለሁ ያልኩት ይኸው ልክ ነው።»

ልክ ይመስል ነበር። ነገር ግን ሽንኩርት እንደ ጤፍ አይደለም። የመስኖው ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ሲደርስ ሜዳው ሁሉ ቀይ ይሆናል፣ የጭነት መኪናም ይጠፋል፤ ዋጋው ይወድቃል። ከዚያ ወራት በኋላ ደግሞ ያለው ሰው የፈለገውን ይጠራል። በቆቦ ቆላ ሙቀት ሽንኩርት ያለ ጥሩ ማከማቻ ስለሚበሰብስ አብዛኛው ሰው በጥጋቡ ወቅት ይሸጣል። እንዲህ ዓይነት ምርት ላይ የዓመት አማካይ ዋጋ ብዙ ይደብቃል። ደብተሩን በወቅት ለሁለት ከፈልነው።

በ2016 በጥጋቡ ወቅት 250 ኩንታል በ3,000 ብር፣ በእጥረቱ ወቅት 250 ኩንታል በ5,000 ብር ሸጠዋል። በ2017 በጥጋቡ 480 ኩንታል በ2,500፣ በእጥረቱ 120 ኩንታል በ5,000። የእጥረቱ ወቅት ዋጋ ንቅንቅ አላለም! የጥጋቡ በ500 ብር ወርዷል። እውነተኛው የዋጋ ጉድለት 500 ብር በ480 ኩንታል፣ 240,000 ብር ብቻ ነው። የቀረው 360,000 ከዋጋ አልመጣም። የዘንድሮውን 600 ኩንታል ባምናው ዋጋ፣ ግን በዘንድሮው ወቅት ብንሸጠው 2,040,000 ብር ይሆን ነበር፤ ባምናው አማካይ 4,000 ብር ቢሆን 2,400,000። ልዩነቱ 360,000 ነው፤ ሽንኩርቱ መቼ እንደተሸጠ የሚያሳይ ገንዘብ። ባምናው ልማድ ግማሽ በግማሽ ይሸጡ የነበሩት ሴት ዘንድሮ ከአምስቱ አራቱን እጅ በጥጋቡ ለቀቁት።

ግራፉን እንደገና አወጣሁት። «የሽንኩርት ዋጋ −600» የነበረው ዓምድ ተነሥቶ በቦታው ሁለት ቆሙ፦ «የሽንኩርት ዋጋ −240» እና «የሚሸጥበት ወቅት −360»። ድምሩ ያው ነው፤ ከእነሱ በፊትና በኋላ ያሉት ዓምዶች ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም።

ነጋዴዋ ሁለተኛውን ዓምድ ረጅም ጊዜ አዩት።

«እትዬ፣ ለምን በጥጋቡ ሸጡት?» አልኳቸው።

«እጄ ላይ ብር ስላልነበረ ነዋ።»

«ብሩ የት ነበር?»

መልስ አልሰጡኝም። ጣታቸውን ከዚያው ወረቀት ላይ ወደ ግራ ጎትተው ረጅሙ ዓምድ ላይ አሳረፉት። የእህል ዋጋ፣ +870። የተወደደውን ጤፍ ለመሸጥ መጀመሪያ በውድ ገዝተውት ነበር።